ዝምታ እንደ ስምምነት ሲቆጠር
ያለ ማስታወሻ የታደሰን ዓመታዊ ክፍያ ስለ ማስመለስ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ቀድሞ ጋዜጣ ወይም መጽሔት በዓመታዊ ደንበኝነት የሚያገኝ ሰው ገንዘቡን አስቀድሞ ይከፍላል፤ ዓመቱ ሲፈጸም እንደገና ካልከፈለ ግን መላኩ ይቆማል። ደንበኛው ዝም ካለ ውሉ አበቃ ማለት ነበር። ዛሬ በኢንተርኔት የሚሸጡና በካርድ የሚከፈሉ አገልግሎቶች ይህን ልማድ ገልብጠውታል። ደንበኛው ዝም ካለ ውሉ ለሌላ አንድ ዓመት ቀጠለ፣ ገንዘቡም ከሒሳቡ ወጣ ማለት ሆኗል። የዚህ ንግግር ዓላማ፣ አንዳች ማስታወሻ ሳይደርሰው ክፍያው የታደሰበት ድርጅት ገንዘቡን ለማስመለስ ምን ማድረግና ምን ማለት እንደሚገባው በአንድ ምሳሌ ማስረዳት ነው።

በአጋሮ ከተማ ቡና አጥቦ ራሱ ወደ ውጭ አገር የሚልክ አንድ አነስተኛ ድርጅት አለ እንበል። ድርጅቱ የአቅራቢ አርሶ አደሮችን ማሳ በካርታ የሚመዘግብ ፕሮግራም በዓመት 120 ዶላር ሊጠቀም በህዳር ወር 2016 ዓ.ም. ደንበኛ ሆነ። ክፍያው የተፈጸመው ከውጭ ምንዛሪ ሒሳቡ ጋር በተያያዘ ካርድ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ድርጅቱ ምዝገባውን በሌላ መንገድ መሥራት ስለ ጀመረ ፕሮግራሙን ተወው፤ ያስመዘገበውም ሠራተኛ ወደ ጅማ ተዛውሮ ሌላ ሥራ ያዘ። በህዳር 2017 ዓ.ም. ቀይ ቡና ከየቀበሌው በሚገባበት፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጥሬ ገንዘብ ሁሉ ለእሸት ግዥ በሚውልበት ሰሞን፣ 120 ዶላር ከሒሳቡ ተቀነሰ።

ገንዘቡ በዶላር ሲታይ አልተለወጠም። ነገር ግን ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስላደረገ፣ በመጀመሪያው ዓመት በመዝገብ ላይ ከ7,000 ብር በታች የነበረው ወጪ በሁለተኛው ዓመት ከ14,000 ብር በላይ ሆኖ ተመዘገበ። ማንም ላልተጠቀመበት ነገር ይህን ያህል ማውጣት ለአነስተኛ ድርጅት ቀላል አይደለም።

የሒሳብ ሠራተኛዋ ጉዳዩን ያወቀችው ክፍያው በተፈጸመ በሦስተኛው ቀን የባንኩን መግለጫ ስታስታርቅ ነው። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው ወዲያው የቁጣ ደብዳቤ ይጽፋል። እርሷ ግን ከመጻፏ በፊት ሦስት ነገሮችን ፈጸመች።

አንደኛ፣ ወደ ፕሮግራሙ ገብታ "Auto-renew" የሚለውን ዘጋች፤ መሰረዙን የሚያረጋግጠውንም መልእክት አስቀመጠች። ይህ የሚቀድምበት ምክንያት አለ። ገንዘብ መልሱ እያለ አገልግሎቱን ክፍት የተወ ደንበኛ ጥያቄው በራሱ ድርጊት ይፈርሳል፤ ነገሩ ኋላ ወደ ባንክ ቢሄድም ባንኩ መጀመሪያ የሚጠይቀው ደንበኛው መቼ እንደ ሰረዘ ነው።

ሁለተኛ፣ ማስታወሻ በእርግጥ አለመላኩን አጣራች። ደንበኝነቱ የተመዘገበው በቀድሞው ሠራተኛ የኢሜይል አድራሻ ስለ ነበር፣ ጅማ ድረስ ደውላ ሳጥኑን ከነአላስፈላጊ መልእክቶች ማኅደሩ እንዲፈትሽላት ለመነችው። የተገኘው ክፍያው በተፈጸመበት ዕለት የደረሰ ደረሰኝ ብቻ ነው። ይህ ማጣራት ቢቀርና ኋላ ማስታወሻው ተልኮ ቢገኝ፣ የደብዳቤው ዋና ቃል ሐሰት ይሆን ነበር። ማስታወሻው ተገኝቶ ቢሆን ደግሞ ጥያቄው አይቀርም፤ ቃሉ ብቻ "አልተላከልንም" መሆኑ ቀርቶ "መልእክቱ ከሥራ ለወጣ ሰው ስለ ሄደ አላየነውም" ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡን የተቀበለው ማን እንደ ሆነ ከደረሰኙ ላይ አየች። በስልክ የመተግበሪያ መደብር በኩል የተከፈለ ከሆነ ተመላሹ የሚጠየቀው ከመደብሩ ነው፤ ቀጥታ ለአገልግሎት ሰጪው የተከፈለ ከሆነ ግን ከእርሱ ነው። ለተሳሳተ በር የተጻፈ ደብዳቤ በእያንዳንዱ ቀን ዋጋ ያለውን ጊዜ ይበላል።

የመብቱ ጉዳይ እንዴት ይታያል? የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1682 ዝምታ እንደ መቀበል እንደማይቆጠር ይደነግጋል። ቁጥር 1684 ደግሞ ነባር ውልን ለመቀጠል የቀረበ ሐሳብ በዝምታ ሊጸና የሚችለው፣ በተገቢው ጊዜ ውስጥ መልስ ካልተሰጠ እንደ ተቀበሉት የሚቆጠር መሆኑን በሚያስታውቅ ልዩ ጽሑፍ ሲቀርብ ነው ይላል። የማስታወሻው ትርጉም እንግዲህ ለሕጋችን እንግዳ አይደለም። ሆኖም ወሰኑን ማወቅ ያሻል። አገልግሎት ሰጪው "መታደሱን በመጀመሪያው ዕለት ተስማምታችሁበታል" ብሎ ሊመልስ ይችላል፤ ውሉም አብዛኛውን ጊዜ በሌላ አገር ሕግ እንዲገዛ የተጻፈ ነው። ለ120 ዶላር ባሕር ተሻግሮ የሚሟገት የለም። ስለዚህ የሕጉ ቁጥር የጠያቂውን ልብ ያጸናል እንጂ በደብዳቤው ውስጥ ቢገባ ብዙ አይረዳም።

ይልቅስ የሚረዳው የካርድ ድርጅቶች ደንብ ነው። ማስተርካርድ ከመስከረም 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ፣ ክፍያው ከስድስት ወር በላይ በሆነ ጊዜ አንድ ጊዜ የሚፈጸም ከሆነ፣ ነጋዴው ከመክፈያው ቀን 7 ቀን ባላነሰና 30 ቀን ባልበለጠ ጊዜ አስቀድሞ ማስታወሻ እንዲልክ አዟል። በፈረንሳይ በ1997 ዓ.ም. የወጣ ሕግ፣ በካሊፎርኒያም ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የጸና ድንጋጌ ተመሳሳይ ግዴታ በነጋዴው ላይ ጥለዋል። እነዚህ የአጋሮውን ድርጅት በቀጥታ ባይጠብቁትም፣ ደብዳቤውን የሚያነበው የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ ማስታወሻ መላክ የሥራው ወግ መሆኑን ያውቃል።

ያ ሠራተኛ በቀን ብዙ ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ነው። ክፍያውን የወሰነው እርሱ አይደለም፤ ግን የመመለስ ሥልጣን በተወሰነ መጠን ተሰጥቶታል። የሚፈልገውም ለአለቃው ሊያሳየው የሚችል አጭርና የተሟላ ምክንያት ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ የላከችው ደብዳቤ በአማርኛ ሲነበብ እንዲህ ይላል።

"ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል። ከላይ በተጠቀሰው የኢሜይል አድራሻ የተመዘገበው ዓመታዊ ደንበኝነታችን 18 ኖቬምበር 2024 ታድሶ 120 ዶላር ተከፍሏል፤ የደረሰኙ ቅጂ ተያይዟል። ከመታደሱ በፊት ማስታወሻ አልደረሰንም፤ የመልእክት ሳጥናችንን ፈትሸን ያገኘነው በዕለቱ የመጣውን ደረሰኝ ብቻ ነው። ከመታደሱ በፊት ለብዙ ወራት አልተጠቀምንበትም፤ ከታደሰም በኋላ የገባነው ለመሰረዝ ብቻ ነው፤ ይህንንም በመዝገባችሁ ማየት ይቻላል። ደንበኝነቱን 21 ኖቬምበር ሰርዘናል። ሙሉው 120 ዶላር ወደ ተከፈለበት ካርድ እንዲመለስልን እንጠይቃለን። ስለ ትብብራችሁ እናመሰግናለን።"

ደብዳቤው ምን እንዳላለ ማየት ጠቃሚ ነው። "አጭበረበራችሁን" አላለም፤ ስለ ቡናው ወራትና ስለ ገንዘብ እጥረትም አላተተም። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሠራተኛው በራሱ መዝገብ ሊያረጋግጠው የሚችል ነገር ይዟል፤ ልመናውም አንድ ብቻ ነው። ቀኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የወሩ ስም በፊደል ተጽፎ ቀርቧል። "ህዳር 9" ለውጭ አገር ሰው ምንም አይነግረውም፤ ወሩ በቁጥር ቢጻፍም አንዱ አገር ወርን፣ ሌላው ቀንን ስለሚያስቀድም ያሳስታል።

በአራተኛው ቀን የመጣው መልስ "በውላችን መሠረት የታደሰ ክፍያ አይመለስም" የሚል ነበር። የመጀመሪያው መልስ ብዙውን ጊዜ የተዘጋጀ ጽሑፍ ስለሆነ፣ እንደ መጨረሻ ውሳኔ መቁጠር አይገባም። እርሷም በዚያው መልእክት ላይ ቀጥላ፣ አዲስ ጉዳይ ሳትከፍት፣ እንዲህ ስትል መለሰች፤ "ውላችሁን ተረድተናል። ጥያቄያችን ግን ስለ ማስታወሻው ነው። ማስታወሻ ተልኮልን ከሆነ የተላከበትን ቀንና አድራሻ እንድትነግሩን፤ ካልተላከ ግን ጉዳዩ ለመወሰን ሥልጣን ላለው ኃላፊ እንዲቀርብልን እንጠይቃለን።" ይህ ጥያቄ "አዎ" ወይም "አይደለም" የሚል መልስ ይሻል፤ በተዘጋጀ ጽሑፍም አይመለስም። ከሁለት ቀን በኋላ ገንዘቡ እንዲመለስ መፈቀዱን የሚገልጽ መልእክት ደረሳት።

ባይፈቀድስ ኖሮ? መካከለኛ ጥያቄ ይቀራል፤ ያልተጠቀሙበት ወራት ተሰልቶ እንዲመለስ መጠየቅ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ካርዱን በሰጠው ባንክ በኩል ክፍያውን መቃወም ነው። የዚህ ጊዜ በአብዛኛው ክፍያው ከተፈጸመ ጀምሮ 120 ቀን ሲሆን፣ በምሳሌያችን እስከ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ያደርሳል፤ ባንኩ የራሱን ሥራ የሚሠራበት ቀን ስለሚያስፈልገው ግን እስከዚያ መጠበቅ አይገባም። በቅጹ ላይ ምክንያቱን በእውነት መጻፍ ግድ ነው። "ይህን ክፍያ አላውቀውም" ብሎ እንደ ስርቆት ማመልከት ሐሰት ነው፤ ድርጅቱ ከዚያው ነጋዴ ባለፈው ዓመት የተቀበለው ደረሰኝ ወዲያው ያጋልጠዋል። ከነጋዴው ጋር መጻጻፍ ሳይቋረጥ ባንክ መሄድም መልስ ሊሰጥ የነበረውን ሰው አፍ ያዘጋል።

ገንዘቡ ሲፈቀድ ሥራው አላለቀም። ተመላሹ የሚሄደው ወደ ተከፈለበት ካርድ ስለሆነ፣ ካርዱ ጊዜው አልፎ ተለውጦ ከሆነ ለባንኩ አስቀድሞ ማስታወቅ ያሻል። የተመለሰው ዶላር በመዝገብ ላይ በተመለሰበት ቀን ምንዛሪ ስለሚገባ፣ በወጣበት ቀን ከነበረው ጋር ያለው ልዩነት እንደ ምንዛሪ ልዩነት ለብቻው ይመዘገባል እንጂ ከወጪው ጋር አይቀላቀልም። ባንኩ ስለ አገልግሎቱ የቆረጠው ካለም ነጋዴው አይመልሰውም።

የአጋሮዋ የሒሳብ ሠራተኛ ፋይሉን ከመዝጋቷ በፊት በካርድ የሚከፈሉትን ዓመታዊ ደንበኝነቶች ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ መዘገበች፤ ስም፣ መጠን፣ የሚታደስበት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የተመዘገበበት ኢሜይል። አድራሻውንም ከግለሰብ ወደ ድርጅቱ የጋራ አድራሻ አዛወረች፤ ገጹንም በየዓመቱ የቡናው ግዥ ከመጀመሩ በፊት፣ በመስከረም፣ ልትመረምረው ወሰነች። ዝምታ ለበግም አልበጃት እንደሚባለው፣ ዝም ያለውን ደንበኛ እንደ ተስማማ በሚቆጥር ገበያ ውስጥ ቀኑን ማወቅና በጊዜው መናገር የሒሳብ ሠራተኛ ሥራ ሆኗል።