ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ስለ ሄደችው ልጃችን የስንብት ንግግር በዕድራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተሰጠ ቃል



እንደምታውቁት በነሐሴ ወር 2017 ዓ.ም. የሰፈራችን ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ሃንጋሪ ከመሄዷ በፊት በእናቷ ቤት ተሰብስበን ሸኝተናታል። በዕለቱ ያልተገኛችሁ ምን ብላ እንደተሰናበተች ስለጠየቃችሁን፣ ደግሞም ጉዳዩ ዕድራችንን የሚነካ ስለሆነ፣ የሰማነውን እንነግራችኋለን።

ልጅቱ የተነሣችው ዳቦው ተቆርሶ ቶናው ከተጠጣ በኋላ፣ ሽማግሌዎች ከመመረቃቸው በፊት ነው። ይኼ ጥሩ ነበር። ምርቃቱ ካለቀ በኋላ ሰው ለመሳም ይነሣል፣ የሚያዳምጥም አይገኝም።

ምስጋናዋን ሁላችሁንም አመሰግናለሁ ብላ አላለፈችውም። መብራት ሲጠፋ ሻማ ይዘው የመጡላትን እናት፣ የትምህርት ማስረጃዋን ለማረጋገጥ ሠልፍ ስትይዝ ታናሽ ወንድሟን የጠበቁላትን ጎረቤት፣ እያንዳንዱን በሥራው አነሣች። ቀጥላም ያስቀየመችው ካለ ይቅር እንዲላት ጠየቀች። እኛም ይቅር ለእግዜር አልን።

ከዚያ ወደ ገንዘቡ ነገር ገባች። አጎቷ አስቀድመው፣ «እንግዲህ እዚያ ደርሳ እናቷን ታሳርፋለች» ብለው ነበር። እሷ ግን በአክብሮት፣ «ጋሼ፣ የማገኘውን በሰው ፊት ልናገር» አለች። የሃንጋሪ መንግሥት የሚሰጠው ነጻ የትምህርት ዕድል የትምህርቱን ክፍያ ይሸፍናል። ለኪስ በወር 43,700 ፎሪንት ይሰጣል። መኝታ በተማሪዎች ማደሪያ ይሰጣል፤ ማደሪያ ለማይዝ ደግሞ 40,000 ፎሪንት ይጨመርለታል። ሁለቱ ቢደመሩ 83,700 ናቸው። በዋናው ከተማ በቡዳፔስት ግን አንድ ክፍል ለመከራየት ብዙውን ጊዜ ከ100,000 ፎሪንት በላይ ይጠየቃል። ስለሆነም ማደሪያ ያገኘ ተማሪ ቆጥቦ ይበላል፣ ያላገኘ ከኪራዩም ይጎድልበታል። የሚላክ ነገር አይተርፍም። የአውሮፕላኑን ቲኬትም ዕድሉ አይችልም።

ቲኬቱ የተገዛው በእናቷ ዕቁብ ነው። ዕቁቡ ወርሃዊ ሲሆን 20 ዕጣ አለው። እናቷ ዳኛውን ለምነው አምስተኛውን ወስደዋል፣ የ15 ወር መዋጮም ይቀርባቸዋል። ልጅቱ፣ «ይህ የእማዬ ዕዳ አይደለም፣ የኔ ነው። ነገር ግን ትምህርቱ ሁለት ዓመት ነው፤ ሳልጨርስ እልካለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ለገንዘብ ስሯሯጥ ፈተና ብወድቅ ዕድሉ ሊነሣብኝ ይችላል» አለች። ታላቅ ወንድሟም ግማሹን መዋጮ እሱ እንደሚከፍል እዚያው ቃል ገባ። ባትናገር ኖሮ እናቷ ብቻቸውን ሲከፍሉ፣ ሰው ደግሞ ልጅቱ ረሳቻቸው እያለ ያማ ነበር። እልካለሁ ብትል ደግሞ የሰማ ሁሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወሩን ይቆጥር ነበር።

በመጨረሻ የተናገረችው ሁላችንንም ጸጥ አሰኘን። አያቷ እዚያው ተቀምጠው ነበር። «ከቤታችን ሰው ቢታመም ወይም ክፉ ነገር ቢደርስ አትደብቁኝ። ተምራ እስክትመጣ ብላችሁ ደህና ናቸው አትበሉኝ። ለብቻዬ ሳለሁም በስልክ አታርዱኝ» አለች። አንዳንዶች ሟርት ነው ብለው አጉረመረሙ። አያቷ ግን፣ «ልጄ ልክ ነች፤ እኔ ሞቼ ለኔ ሰላምታ ስትልክ እንድትኖር አልፈልግም» አሉ።

እኛ የዕድር ሰዎች ይህን እናውቀዋለን። አገር ቤት ያለ ሰው ሲረዳ በንጋት ሽማግሌ ይሄድለታል፣ ዘመድ ይከበዋል፣ የሚደግፈው አያጣም። ውጭ ያለው ልጅ ግን ወይ ይደበቀዋል፣ ወይ ከሌላ ሰው አፍ በድንገት ይሰማዋል። መርዶው ሲዘገይ ደግሞ ሐዘኑ ላይ የመታለሉ ቁጭት ይጨመርበታል።

በመሆኑም ኮሚቴው የሚከተለውን ወስኗል። ልጅቱ እዚያው የሚማሩ የሁለት ያገሯን ልጆች ስልክ ሰጥታናለች፤ በዕድሩ መዝገብ ከቤተሰቧ ስም ጎን ተጽፏል። ሐዘን ቢደርስ ቤተሰቡ ከተስማማ በኋላ መጀመሪያ ለነሱ ይደወላል። እነሱም አብረዋት መቀመጣቸውን ሲነግሩን ከኛ አንድ ሽማግሌ ይደውልላታል። ቤተሰቡ እስከዚያ ድረስ በስልኩ ላይ ምንም አይልም።

ልጁ ውጭ አገር ያለበት አባል ሁሉ እንዲሁ ሁለት ስልክ ለጸሐፊው እንዲያስመዘግብ እናሳስባለን። ወደፊት የሚሄዱ ልጆችም ስልኮቹን ከመሄዳቸው በፊት ቢሰጡን ይሻላል፤ ያን ጊዜ ያላወቁትን ሰው ስልክ ደግሞ እንደደረሱ ይላኩልን።