ብሎን በአሉሚኒየም ውስጥ ምን ያህል ይግባ?



በየወርክሾፑ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አንድ ልማድ አለ። ይኸውም ብሎን በብረት ውስጥ ሲታሰር የውፍረቱን ያህል፣ በአሉሚኒየም ውስጥ ሲታሰር ግን የውፍረቱን እጥፍ ይግባ የሚለው ነው። ልማዱ መጥፎ አይደለም፤ እጅግ ብዙ ማሽን በዚሁ ተገጥሞ ይሠራል። ነገር ግን ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ ያላወቀ ባለሙያ መቼ እንደሚበቃና መቼ እንደሚያንስ ሊለይ አይችልም። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህንኑ ርዝመት ከብሎኑ ውፍረትና ከሁለቱ ማዕድናት የጥንካሬ ንጽጽር አስልቶ ማግኘት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መወሰን ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ጭነቱ ከመጠን ሲያልፍ የትኛው ክፍል ይሰበር? የብሎኑ አካል ሊበጠስ ይችላል፤ የብሎኑ ጥርስ ሊላጥ ይችላል፤ ወይም ብሎኑ የገባበት ቀዳዳ ጥርስ ሊላጥ ይችላል። ብሎን ሲበጠስ ወዲያው ይታያል፤ የሚተካውም በጥቂት ገንዘብ ነው። የቀዳዳው ጥርስ ሲላጥ ግን የሚበላሸው ውዱ የአሉሚኒየም አካል ነው። ከዚህም የከፋው፣ ጥርሱ በከፊል ተልጦ ብሎኑ የታሰረ መስሎ ሊቆይ መቻሉ ነው። ስለዚህ አነስተኛው ርዝመት ማለት የብሎኑ አካል ከጥርሶቹ ሁሉ ቀድሞ እንዲበጠስ የሚያደርገው ርዝመት ነው።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ የውሃ ፓምፕ ይታሰብ። አካሉ አሉሚኒየም ነው፤ ሽፋኑ የሚታሰረው ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር፣ የጥርሱ እርምጃ 1.5 ሚሊሜትር በሆነና ራሱ ላይ 8.8 የሚል ምልክት ባለበት የብረት ብሎን ነው። የምልክቱ የመጀመሪያ ቁጥር በመቶ ሲባዛ የብሎኑን ዝቅተኛ የመሳብ ጥንካሬ ይሰጣል፤ ይኸውም በካሬ ሚሊሜትር 800 ኒውተን ነው። ጭነት ተሸካሚ የሆነው የብሎኑ ስፋት 58 ካሬ ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ብሎኑን ለመበጠስ 46,400 ኒውተን ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ጥርሶቹ እንለፍ። ጥርስ የሚላጠው በመሳብ ሳይሆን በመቆረጥ ነው። የማዕድን የመቆረጥ ጥንካሬ ከመሳብ ጥንካሬው ያነሰ ነው፤ ለጥንቃቄ ሲባል ግማሹ ነው ተብሎ ይታሰባል። የብሎኑ ጥርስ በተፈቀደው የመጠን ልዩነት ውስጥ እጅግ ደካማው ሁኔታ ላይ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር ርዝመት 15.6 ካሬ ሚሊሜትር ያህል የሚቆረጥ ስፋት አለው። ይህ በ400 ሲባዛ በየሚሊሜትሩ 6,240 ኒውተን ይሆናል። 46,400 ለዚህ ሲካፈል 7.4 ሚሊሜትር ይወጣል። እንግዲህ ቀዳዳው ከብሎኑ እኩል ጠንካራ ቢሆን ኖሮ የውፍረቱ ሦስት አራተኛ በበቃ ነበር። መደበኛ የብረት ዳዶ ቁመቱ ከብሎኑ ውፍረት ያነሰ ሆኖ ሳለ ሥራውን የሚያከናውነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሉሚኒየም ግን እንደ ብረት አይደለም። 6061 ቲ6 በሚል ስም የሚታወቀው በሙቀት የተጠነከረ ሳህን ዝቅተኛ የመሳብ ጥንካሬው 290 ገደማ ነው። በሌላ በኩል የቀዳዳው ጥርስ የሚቆረጠው በብሎኑ የውጭ ክብ ላይ ስለሆነ ስፋቱ ይበልጣል፤ በደካማው ሁኔታ በየሚሊሜትሩ 21.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው። የ290 ግማሽ 145 ነው፤ በ21.5 ሲባዛ 3,120 ኒውተን ያህል ይሆናል። ይህም ከብሎኑ ጥርስ ጉልበት ግማሽ ነው። ስለዚህ 7.4 በ2 ይባዛል፤ የሚያስፈልገው ርዝመት 15 ሚሊሜትር ገደማ፣ ማለት የውፍረቱ አንድ ተኩል ይሆናል። ሁለቱ ማዕድናት በጥንካሬ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ቢራራቁም ርዝመቱ በዚያው መጠን ያላደገው የቀዳዳው ጥርስ ሰፊ በመሆኑ ነው።

የፓምፑ አካል ግን በአብዛኛው ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ነው። በሙቀት የተጠነከረ ከሆነና ጥንካሬው 230 ቢሆን ርዝመቱ 19 ሚሊሜትር ይደርሳል። ያልተጠነከረ ሆኖ 160 ብቻ ቢሆን 27 ሚሊሜትር ይጠይቃል። እጥፍ ይበቃል የሚለው ልማድ እዚህ ላይ ይወድቃል። ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ፤ 8.8 የሚለው ምልክት የሚነግረው ዝቅተኛውን ጥንካሬ እንጂ ከፍተኛውን አይደለም። የተገዛው ብሎን ከዚያ አንድ አምስተኛ ቢበልጥ፣ 15 የነበረው 18 ሚሊሜትር ይሆናል። ጠንካራ ብሎን ሁልጊዜ የተሻለ ነው የሚለው አስተሳሰብ በአሉሚኒየም ዘንድ ስሕተት የሚሆነው በዚህ ነው፤ ያልተበጠሰው ብሎን ቀዳዳውን ይልጣል።

ከስሌቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ግን አለካኩ ነው። ርዝመቱ 30 ሚሊሜትር የሆነ ብሎን 14 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ሽፋንና 2 ሚሊሜትር በሆነ ሮንዴላ ውስጥ ቢያልፍ 14 ሚሊሜትር ይተርፋል። ከዚህ ላይ የቀዳዳው አፍ የተሞረደበት 1 ሚሊሜትርና የብሎኑ ጫፍ ሙሉ ጥርስ የሌለው 1.5 ሚሊሜትር ይቀነሳል። በእውነት የሚይዘው 11.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ለተጠነከረው ሳህን እንኳ አይበቃም። የ35 ሚሊሜትር ብሎን 16.5 ስለሚሰጥ ለሳህኑ ይሆናል፤ ለተጠነከረው የፈሰሰ አካል ግን 40 ሚሊሜትር ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ ቀዳዳውም ጠልቆ መሰርሰር አለበት። ጥርስ ማውጫው ከታች የሚተወው ሙሉ ያልሆነ ጥርስ ስላለ፣ ብሎኑ እዚያ ደርሶ ቢነክስ ሽፋኑን ሳያጠብቅ የጠበቀ ይመስላል።

ርዝመትን ያለ ገደብ መጨመርም መፍትሔ አይሆንም። ሶፕዊዝ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጥናት እንደተነተነው ጭነቱ በጥርሶቹ ላይ እኩል አይከፋፈልም፤ ከሽፋኑ በኩል ያሉት የመጀመሪያዎቹ ጥርሶች አብዛኛውን ይሸከማሉ። አሉሚኒየም ለስላሳ በመሆኑ ጥቂት እየተለመጠ ጭነቱን ወደ ታች ያካፍላል፤ ሆኖም ከውፍረቱ ሁለት ተኩል ያህል ካለፈ በኋላ የሚጨመረው ጥርስ የሚያመጣው ጥቅም አነስተኛ ነው። ቀጭን እርምጃ ያለው ብሎን መምረጥም አይረዳም፤ የብሎኑ ተሸካሚ ስፋት ሲያድግ የቀዳዳው ጥርስ ስፋት በዚያው ልክ አያድግምና።

ጥልቀት ከሌለ የተሻለው መንገድ ከብረት ሽቦ የተጠቀለለ የጥርስ ማስገቢያ መጠቀም ነው። ለ10 ሚሊሜትር ብሎን የሚሆነው ማስገቢያ በአሉሚኒየሙ ውስጥ የሚይዘው 12 ሚሊሜትር በሚጠጋ ክብ ላይ ስለሆነ የሚቆረጠው ስፋት ይጨምራል፤ ተደጋግሞ መፈታትንም ይችላል። በዙሪያው በቂ ሥጋ መኖሩ ግን አስቀድሞ መለካት አለበት።

የመላጥ ምልክት ለሚያስተውል እጅ ግልጽ ነው። ብሎን ሲጠብቅ በቁልፉ ላይ የሚሰማው ኃይል እየጨመረ መሄድ አለበት፤ ብሎኑ እየዞረ ኃይሉ ካልጨመረ አንዱ ክፍል እጁን ሰጥቷል ማለት ነው። ተፈትቶ ሲወጣ በብሎኑ ጥርስ መካከል የተጠቀለለ የአሉሚኒየም ክር ከተገኘ የተላጠው ቀዳዳው ነው።

የማዕድኑ ጥንካሬ በማይታወቅበት ጊዜ፣ በተለይም አካሉ ከውራጅ ብረታ ብረት ቀልጦ የተሠራ ሲሆን፣ ከስሌት ይልቅ ሙከራ ይታመናል። ከዚያው አካል ከተቆረጠ ቁራጭ ላይ የታሰበው ርዝመት ያለው ጥርስ ይወጣና ብሎኑ በብረት ቱቦ ውስጥ አልፎ እስኪሰበር ድረስ ይጠብቃል። በአምስት ወይም በስድስት ቀዳዳ ይደገማል። ሁሉም ብሎኖች ከተበጠሱ ርዝመቱ በቂ ነው፤ አንድ ቀዳዳ እንኳ ከተላጠ ግን ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሜትር ተጨምሮ በአዲስ ቁራጭ ላይ እንደገና ይሞከራል።