ቁጥሩን የማይደግም ሰነድ



በአቦምሳ ከተማ እህል የሚነግድ አንድ ሰው የክፍያ መጠየቂያውን በኤክሴል ያዘጋጃል እንበል። የሰነዱ ቁጥር በራሱ እንዲወጣለት፣ በመዝገቡ ያሉትን መስመሮች ቆጥሮ አንድ የሚጨምር ቀመር ይጽፋል። 147 መስመሮች ከተሞሉ በኋላ ሽያጩ የፈረሰውን 90ኛውን መስመር ቢያጠፋ፣ ቆጠራው ወደ 146 ይወርዳል፤ ቀጣዩም ሰነድ ዳግመኛ 147 ተብሎ ይወጣል። ሁለት ደንበኞች አንድ ቁጥር ያዙ ማለት ነው።

ስለዚህ መቁጠሩ ቀርቶ፣ ከተመዘገቡት ቁጥሮች ትልቁ ይፈለግ፦

```
=MAX('መዝገብ'!A:A)+1
```

ይህም ቢሆን የመጨረሻው መስመር ከጠፋ ቁጥሩን ይደግማል። በመሆኑም የፈረሰ ሰነድ «የተሰረዘ» ተብሎ በመዝገቡ ይቆይ እንጂ አይጥፋ። ቁጥሩም ወደ መዝገቡ ሲገባ ቀመሩ ሳይሆን ውጤቱ ብቻ በ`Paste Values` ይለጠፍ። ከተመዘገበ በኋላ ቅጹ ወደሚቀጥለው ቁጥር ስለሚያልፍ፣ ሰነዱ አስቀድሞ ይታተም። ለገንዘብ መቀበያውም የራሱ መዝገብ ይከፈትለት።

የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ግን፣ የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያለበት ነጋዴ ደረሰኝ ከማሳተሙ በፊት ዓይነቱንና ብዛቱን በግብር ባለሥልጣኑ ዘንድ እንዲያስመዘግብ ያዛል። እንግዲህ ይህ ቅጽ የውስጥ ሒሳብን ያደራጃል እንጂ ሕጋዊውን ደረሰኝ አይተካም።