የድግግሞሽ ብዛትና የዕረፍት ጊዜ፦ ለጥንካሬ፣ ለግዝፈትና ለብርታት



ክብደት ስናነሣ በአንድ ዙር ስንት ጊዜ እንደጋግም? በዙሮች መካከልስ ምን ያህል እንረፍ? መልሱን በአንድ ምሳሌ እንመልከት። አንድ ሠልጣኝ ባርቤል በትከሻው ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ሲሠራ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሊያነሣው የሚችለው ከፍተኛ ክብደት 100 ኪሎ ግራም ነው እንበል።

ዓላማው ጥንካሬ ከሆነ፣ 85 ኪሎ ግራም ገደማ ጭኖ በአንድ ዙር ከ3 እስከ 5 ጊዜ ያነሣል፤ ከዚያም ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ያርፋል። ጥንካሬ የጡንቻ ውፍረት ብቻ ሳይሆን የነርቭ ሥርዓት ክህሎትም ነው፤ ይህም ክህሎት የሚዳብረው በከባድ ሸክም ነው። እንዲህ ላለው አጭርና ብርቱ ሥራ ጡንቻ በዋናነት የሚጠቀመው ክሬቲን ፎስፌት የተባለውን ክምችት ነው። ካለቀው ግማሽ ያህሉ በግማሽ ደቂቃ ገደማ ይተካል፤ ቀሪው ግን ደቂቃዎች ይፈጃል። ረጅሙ ዕረፍት የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ሠልጣኙ ቸኩሎ አንድ ደቂቃ ብቻ ቢያርፍ፣ በሦስት ዙር 5፣ 3 እና 2 ጊዜ ሊያነሣ ይችላል፤ ድምሩ 10 ድግግሞሽ፣ 850 ኪሎ ግራም ነው። አራት ደቂቃ አርፎ 5፣ 5 እና 4 ቢያነሣ ግን 14 ድግግሞሽ፣ 1190 ኪሎ ግራም ይሆናል። ላቡ የበዛው በመጀመሪያው ነው፤ ሥራው የበዛው ግን በሁለተኛው ነው።

ዓላማው የጡንቻ ግዝፈት ሲሆን 70 ኪሎ ግራም ገደማ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ማንሣት የተለመደ ነው። ይሁንና ይህ ልክ ከምቹነት የመነጨ እንጂ ጥብቅ ወሰን አይደለም። ዙሩ ጡንቻው ሊደክም ጥቂት ድግግሞሽ እስኪቀረው ድረስ ከተሠራ፣ ቀለል ባለ ክብደትና በብዙ ድግግሞሽም ጡንቻ ይገዝፋል። አጭር ዕረፍት የሚፈጥረው የማቃጠል ስሜት የዕድገት ምልክት ይመስላል፤ ሆኖም የሚቀጥለውን ዙር ሥራ ስለሚቀንስ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ማረፍ ይሻላል።

ለጡንቻ ብርታት ነገሩ ይገለበጣል። ሠልጣኙ 50 ኪሎ ግራም ጭኖ 20 ጊዜና ከዚያ በላይ ይሠራል፤ የሚያርፈውም ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። እዚህ የሚፈለገው ጡንቻው ሙሉ በሙሉ ሳያገግም መሥራትን እንዲለምድ ነውና፣ በጥንካሬ ልምምድ እንቅፋት የነበረው ድካም ራሱ የልምምዱ ዓላማ ይሆናል።

ስለዚህ ማስታወሻ ደብተራችሁን ተመልከቱ። ለጥንካሬ ስትሠሩ ድግግሞሹ ከዙር ወደ ዙር በፍጥነት ካሽቆለቆለ፣ ክብደቱን ከመቀነሳችሁ በፊት ዕረፍቱን አርዝሙ። ለብርታት ስትሠሩ ደግሞ የመጨረሻው ዙር እንደ መጀመሪያው ከቀለላችሁ፣ ዕረፍቱን አሳጥሩ።