ቲማቲሙ በደጃችን አልፎ ይሄዳል

(በወጣቶች የሥራ ሐሳብ መድረካችን ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



ሥራ ጀማሪ ሊፍት ውስጥ ባለሀብት ቢያጋጥመው፣ ሊፍቱ ላይኛው ፎቅ እስኪደርስ ሐሳቡን ተናግሮ መጨረስ አለበት ይባላል። የኛ ደንበኞች የሚኖሩበት ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ግን ሊፍት የለውም፤ በደረጃ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ ጨምሩልኝ።

ሐሳባችን ይኸው፦ መቂ ላይ ጠዋት የተለቀመ አትክልት፣ አስቀድመው ላዘዙ የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች በዚያው ዕለት ማታ ብሎካቸው ሥር እናደርሳለን። «አስቀድመው ላዘዙ» የምትለዋን ያዙልኝ። ሥራው የቆመው እሷ ላይ ነው።

ለምን ቱሉ ዲምቱ? መንገዱን አስቡት። ከመቂ የተጫነ ቲማቲም በሞጆ አድርጎ የፍጥነት መንገዱን ይዞ ይመጣል። የፍጥነት መንገዱ የአዲስ አበባ በር ደግሞ ቱሉ ዲምቱ ነው። መኪናው ኮንዶሚኒየሙን እያየ ያልፍና ወደ አትክልት ተራ ይሄዳል። አትክልት ተራ ፒያሳ ነበር፤ በ2012 በኮሮና ጊዜ ወደ ጃንሜዳ ወጣ፤ ከዚያ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። እዚያ ይራገፋል፣ ይሸጣል፣ እንደገና ይጫናል። ከዚያ ያው ቲማቲም ተመልሶ ቱሉ ዲምቱ ጉሊት ላይ ይዘረጋል። በደጃችን ያለፈውን ዞሮ ሲመለስ ነው የምንገዛው!

በየማራገፊያው ሳጥን ይወረወራል። የእንጨቱ ሳጥን ጠርዝ ይቆርጣል፤ ከላይ ያለው ክብደት የታችኛውን ይጨፈልቃል። አንዱ ከፈነዳ ጭማቂው ሌላውን ያበሰብሳል። እናቶቻችን ቲማቲም ሲገዙ እየጨመቁ የሚመርጡት ለዚህ ነው። መጭመቅ ግን አያስፈልግም። አናቱ ላይ ያለችውን ቅጠል እዩ፦ አረንጓዴና ቀጥ ያለች ከሆነች በቅርቡ የተለቀመ ነው፤ ከተጠቀለለችና ከደረቀች ብዙ ቀን ዞሯል።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። ቁጥሩ ለስሌት እንዲመች የወሰድኩት ነው፤ የገበያው ዋጋ በየሳምንቱ ይቀያየራል። ነጋዴው ከገበሬው 100 ኪሎ በ20 ብር ገዛ እንበል፤ 2,000 ብር ወጣ። 25 ኪሎው ቢበላሽበት የሚሸጠው 75 ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ ገና ትራንስፖርት ሳይጨመር አንዱ ኪሎ 26 ብር ከ67 ሳንቲም ፈጅቶበታል። የበሰበሰውን የሚከፍለው ማነው? እኔና እናንተ!

እኛ ደግሞ ከዚያው ገበሬ በ25 ብር ብንገዛ 2,500 ብር እናወጣለን። የሚበላሸው ግን 5 ኪሎ ብቻ ቢሆን፣ ለሽያጭ 95 ኪሎ ይቀረናል፤ ኪሎው 26 ብር ከ32 ሳንቲም ይሆናል። ልብ በሉ፦ ለገበሬው በኪሎ 5 ብር ጨምረንለት፣ ወጪያችን ከነጋዴው አልበለጠም። የገበሬው ጭማሪ የመጣው መንገድ ላይ ሊጣል ከነበረው ቲማቲም ነው።

ብልሽቱን ወደ 5 ማውረድ ይቻላል ወይ? የሚቻለው ያልተሸጠ አትክልት ካልለቀምን ብቻ ነው። ለዚህ ነው ትእዛዝ የሚቀድመው። ማድረሻ ቀኖቻችን ማክሰኞና ሐሙስ ናቸው፤ ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ በዋዜማው አትክልት የሚፈልግ ቤት ይበዛል። ለማክሰኞ የሚያዝ ሰው እስከ እሑድ ማታ ያዛል፣ ግማሹን በቴሌብር ይከፍላል። ሰኞ ለገበሬው ልኩን እንነግረዋለን። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይ ሳይከር፣ ይለቀማል፤ በፕላስቲክ ሳጥን ሆኖ ጥላ ሥር ይቆያል። ከማሳ የገባበትን ሳጥን ብሎኩ ሥር እስኪደርስ አንገለብጠውም። ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ርክክብ ነው። የምንጀምረው በአራት ዓይነት ብቻ ነው፦ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ጥቅል ጎመን። ቆስጣና ሰላጣ በዚያ ሙቀት ሳይጠወልጉ ስለማይደርሱ ለጊዜው አንሸጥም።

«ለምን ቤት ድረስ አታመጡም?» ትሉኛላችሁ። ሂሳቡ አይሆንማ! ከመቂ እስከ ብሎኩ ያለው መንገድ ርካሽ ነው፤ ውዱ ደረጃው ነው። አንድ ብሎክ ላይ 40 አባወራ ስድስት ስድስት ኪሎ ቢያዝ 240 ኪሎ በአንድ ማቆሚያ ይራገፋል። ያንኑ 40 በር እያንኳኳን ብናድል ግን ምሽቱ በሙሉ አንድ ብሎክ ላይ ያልቃል። አቅም የሌላቸው አዛውንት ካሉ የግቢው ወጣት ያወጣላቸዋል፤ ክፍያው ለብቻው ነው።

አሁን ይህን ሥራ ሊገድሉ የሚችሉ ሁለት ነገሮችን ሳልደብቅ ልናገር።

አንደኛው ደላላው ነው። ደላላን መስደብ ቀላል ነው፤ ግን ለገበሬው የዘርና የፓምፕ ነዳጅ ብር የሚያበድረው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ገበሬው ምርቱን በርካሽ የሚሰጠው ስለማያውቅ አይደለም፤ ዕዳ ስላለበት ነው። እኛ «በሳምንቱ እንከፍልሃለን» ካልነው ወደ ደላላው ይመለሳል፣ እውነቱንም ነው። ስለዚህ ክፍያው በለቀመበት ዕለት ይሆናል፤ ከደንበኛው አስቀድመን የምንቀበለው ግማሽ ለዚህ ነው። ዋጋው ሲንር ደግሞ በድሮ ዋጋ አንይዘውም። የዕለቱን የመቂ ዋጋ እናያለን፣ በላዩ እንጨምራለን፤ ገበያው ሲወድቅ ግን ከተስማማንበት ወለል በታች አንከፍለውም። ከምርቱም ሲሶውን ብቻ ነው የምንጠይቀው። እኛ ብንወድቅ እሱ አብሮን መውደቅ የለበትም።

ሁለተኛው ጉሊት ላይ ያሉት እናቶቻችን ናቸው። ልጆቻቸውን በሽንኩርት መደብ ያሳደጉ እናቶችን አፈናቅለን «ወጣቱ ሥራ ፈጠረ» ብንል ያሳፍራል። ስለዚህ የየብሎኩ ርክክብ የሚካሄደው እነሱ መደብ ላይ ነው። ሳጥኑን ይረከባሉ፣ ይመዝናሉ፣ በየሳጥኑ ኮሚሽን ያገኛሉ። ባለቤቱ ያልወሰደው ዘንቢል ቢኖር እዚያው በማግስቱ ይሸጡታል፤ ለኛም ኪሳራ ይቀንሳል።

ወገኖቼ፣ ገበሬያችን ገዢ አጥቶ ቲማቲሙን ማሳው ላይ ሲተወው፣ የሰፈራችን ሱቅ መደርደሪያ ላይ ከውጭ የመጣ የቲማቲም ድልህ ተሰልፎ ታገኛላችሁ። ስለ ሀገር ምርት ከተናገርን እዚህ ጋ እንጀምር።

የምንጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። ቱሉ ዲምቱ የምትኖሩ፣ ብሎካችሁ ላይ 40 አባወራ አስመዝግቡ፤ 40 ካልሞላ ያንን ብሎክ አንጀምርም፣ ነዳጁን አይችልም። ከየብሎኩ አንድ ታማኝ ወጣት ትእዛዝ እንዲሰበስብ ምረጡ። ገንዘብ ያላችሁ ደግሞ ፕላስቲክ ሳጥን ግዙልን፤ ስጦታ አንፈልግም፣ ከሽያጩ እየከፈልን እንመልሳለን። ስምንት ሳምንት እንሞክረው። በስምንተኛው ሳምንት የተበላሸው ከመቶ ከ10 ኪሎ በላይ ከሆነ ስሌታችን አልሠራም ማለት ነው፤ ደብተሩን ይዘን እዚሁ መድረክ ላይ ቀርበን እንነግራችኋለን።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!