ርካሹ ዱቄት ስንት አስወጣ?

አንድ ዳቦ ቤት 50,000 ዳቦ ለመጋገር 4,000 ኪሎ ዱቄት፣ ኪሎውን በ80 ብር፣ እንደሚበቃው አስቀድሞ ወስኗል እንበል። መደበኛ ወጪ የሚባለው ይህ ነው፤ 320,000 ብር። ዳቦው ተጋግሮ ወሩ ሲዘጋ ግን 4,300 ኪሎ ዱቄት ተገዝቶ ሁሉም አልቋል፤ የተገዛው ደግሞ በ76 ብር ነው። ወጪው 326,800 ብር ሆነ። የ6,800 ብር ጭማሪ ብቻውን ሲታይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የሚያሳስተውም ይኸው ነው። በኪሎ 4 ብር መቀነሱ በ4,300 ኪሎ 17,200 ብር አድኗል፤ ከልኩ በላይ የገባው 300 ኪሎ ደግሞ 24,000 ብር አሳጥቷል። ሁለተኛው የተሰላው በ76 ሳይሆን በ80 ብር ነው፤ ጋጋሪው በገበያው ላይ ሥልጣን ስለሌለው የዋጋ መውጣትና መውረድ በእሱ ሊቆጠር አይገባም። የዋጋ ልዩነት ወደ ገዢውና ወደ ገበያው፣ የአጠቃቀም ልዩነት ወደ ሊጡና ወደ ምድጃው ይመራል።

«ገዢው ደካማ ዱቄት አምጥቶ ከሆነስ ጋጋሪው ምን በወጣው?» የሚል ሙግት ይነሳል፤ ተገቢም ነው። ግሉተኑ ያነሰ ዱቄት ብዙ ውሃ ስለማይዝ፣ ለዚያው ክብደት ሊጥ ተጨማሪ ዱቄት ይፈጃል። ያኔ ገዢው የተመሰገነበት 17,200 ብር ራሱ የብክነቱ ምንጭ ነው። ሆኖም ሁለቱ ተነጣጥለው ባይሰሉ ኖሮ ይህን የሚጠረጥር አይኖርም ነበር። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚለየው የየዕለቱ የዱቄት ወጪ መዝገብ ነው፤ ብክነቱ አዲሱ ዱቄት በገባበት ቀን ከጀመረ ግዥ ክፍል ይጠየቅ፤ በነባሩም ዱቄት ከነበረ ሚዛኑ፣ የሊጡ አቆራረጥና ያረረው ዳቦ ይመርመር።