ቃጠሎው እስከ የት ገባ?

(በካምፑ ትምህርት ቤት ለወላጆች ከተሰጠ ገለጻ የተወሰደ)



በቅርቡ ከተማሪዎቻችን በአንዷ ክንድ ላይ የፈላ ሻይ ፈሰሰባት። ቦታው ወዲያው ውሃ ቋጠረ። እናቷ «ጠባሳ ይቀርባት ይሆን?» ብለው ጠየቁን። መልሱ የሚገኘው ቃጠሎው በየትኛው የቆዳ ንብር ላይ እንደ ቆመ በማየት ነው።

የላይኛው ቆዳችን እንደ ወረቀት ስስ ቢሆንም በውስጡ ብዙ ንብሮች አሉት። ከሁሉም በታች ያለው ስትራተም ባሳሌ ይባላል፤ የመሠረት ንብር ማለት ነው። በአንድ ረድፍ የተደረደሩ ሕዋሳት አሉት። አንዱ ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል አንደኛው በቦታው ይቀራል፣ ሌላው ወደ ላይ ይገፋል። የቆዳን ቀለም የሚሠሩት ሜላኖሳይት የተባሉ ሕዋሳትም እዚሁ ይገኛሉ።

ወደ ላይ የተገፋው ሕዋስ ስትራተም ስፒኖሰም ይደርሳል። በዚያ ሕዋሳቱ እርስ በርስ አጥብቀው ይያያዛሉ፤ በመካከላቸውም ጀርም የሚጠብቁ ዘበኛ ሕዋሳት አሉ። ቀጥሎ በስትራተም ግራኑሎሰም ሕዋሱ ይጠፈጠፋል፣ ቅባት ወደ ውጭ ይለቃል፣ መሞትም ይጀምራል። በመዳፍና በውስጥ እግር ብቻ ስትራተም ሉሲደም የተባለ ጥርት ያለ ንብር ይጨመራል። በመጨረሻ ስትራተም ኮርኒየም ይመጣል። ይህ ኬራቲን የሞላባቸው የሞቱ ጠፍጣፋ ሕዋሳት ክምር ነው፤ የሰውነታችን ውሃ እንዳይተን ይከለክላል። ገላችንን ስናሽ የሚነሣው እድፍ አንዱ ክፍል ይኸው ነው። ጉዞው በሙሉ አንድ ወር ያህል ይፈጃል።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። ውሃ የቋጠረው የላይኛው ቆዳ ከሥሩ ስለ ተላቀቀ ነው። ነገር ግን የመሠረት ሕዋሳት በጸጉር ሥርና በላብ ቱቦ ውስጥም ስላሉ ከዚያ ተነሥተው ቁስሉን ይሸፍናሉ። የልጅቷ ክንድ በሁለት ሳምንት ተሸፈነ። ቀለሙ ግን ለጊዜው ፈዘዘ፤ ሜላኖሳይቶች የሚመለሱት ዘግይተው ነውና።

ቃጠሎው የጸጉሩን ሥር ጭምር ካጠፋ ግን ቆዳው የሚያድገው ከዳር ብቻ ነው፤ ጠባሳም ይተዋል። ምልክቱ ቦታው ነጭ ወይም ጥቁር ሆኖ እንደ ደረቀ ቆዳ መጠንከሩና አለማመሙ ነው። አላመመም ብለን አንዘናጋ፤ ስሜት የሚያደርሰው ነርቭ ተቃጥሎ ነው። እንዲህ ያለው፣ እንዲሁም ከልጁ መዳፍ የሰፋ ወይም ፊት፣ እጅና መገጣጠሚያ ላይ ያለ ቃጠሎ ሳይውል ሳያድር ወደ ክሊኒክ ይወሰድ።

በቤት የምናደርገው ይህ ነው፤ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ በጆግ እየቀዳን ለ20 ደቂቃ በቀስታ እናፍስስበት። ቅቤ፣ አመድና የጥርስ ሳሙና አንቀባ። የቋጠረውን ውሃ አናፍርጥ፤ ከሥሩ ያሉት ሕዋሳት ሥራቸውን እስኪጨርሱ ክዳናቸው እርሱ ነው።